ቀይ የተቀባው ስድስተኛ ቤት

ፀዳለን የማያውቅ ሰው በኛ ቀበሌ የለም። ጤና ኤክስቴንሽን ሆና ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስድስቱን ዓመት እኔም እዚያው ጤና ኬላ አብሬያት ስላለሁ የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ እሷው ነግራኛለች።

የአረቅጥ ልጅ ናት። ተመድባ ወደኛ ወደ ጉብሬ ስትወርድ "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብላ ነበር። አሁን ሁለት ልጅና አንድ ላም አላት። ጥሩ ሰው ናት፣ ግን መቁረጥ አትችልም። ስለ ክትባት ልትናገር የገባችበት ቤት ስለ ወባ፣ ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ አዮዲን ጨውና ዶሮ የት ማደር እንዳለበት ሳትናገር አትወጣም። ጎረቤታችን ሃሊማ "ፀዳለ በበሩ ስትመጣ ካየሁ መጀመሪያ ወጡን ከእሳት አወርዳለሁ፣ አለዚያ ያርራል" ትላለች።

ይቺ ፀዳለ ወልቂጤ ኮሌጅ እየተመላለሰች ደረጃ አራት ትማር ነበር። አንዴ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ አቋርጣለች። ዘንድሮም ካቋረጠች ወይ ከወደቀች ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው ተብላለች። የቀራት አንድ ሥራ ብቻ ነበር፣ የሃይጂን ሞጁሉ የመጨረሻ ሥራ። መቶ አርባ ገጽ ከሆነው ሞጁል ውስጥ ለኅብረተሰቡ የሚሆን ኢንፎግራፊክ ሠርታችሁ አምጡ ተባሉ።

መምህራቸው ይታገሱ ይባላል። ሲያስረዳቸው፣ "ኢንፎግራፊክ ማለት ብዙ ወሬ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በሥዕልና በቁጥር ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አይቶት እንዲገባው" አላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ እሱ ራሱ ሰፈራችን መጥቶ አሥር ሰው በየተራ ይጠይቃል። ከአሥሩ ስምንቱ በትክክል ካልመለሱ ወድቃለች።

ፀዳለ ስለ እጅ መታጠብ እሠራለሁ አለች። ከዚያ አራት ቀን ጻፈች። መቼ መቼ እንደሚታጠቡ አምስቱንም ጊዜ ጻፈች። የጀርሞቹን ስም ከነዝርያቸው ጻፈች። ዝንብ ጨመረች። ውሃ እንዴት እንደሚታከም ጨመረች። ይዛው ወልቂጤ ሀቢቡ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች። ሀቢቡ አርባ ዓመት ያለፈው፣ የሠርግ ካርድ በመሥራት የታወቀ ሰው ነው።

"ፀዱ፣ ይሄ ሁሉ ይገባል?"

"ይገባል። ፊደሉን አሳንሰው።"

"ካነሰ እንደ ጤፍ ነው የሚሆነው።"

"ጤፍም ይበላል፣ ሥራው።"

ሠራው። ግራና ቀኝ ግን ሁለት ነጭ እርግብ አድርጎበታል። ምንድናቸው ብትለው "ባዶ ቦታ ነበረ" አላት።

መምህር ይታገሱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "ፀዳለ፣ ይሄ እኮ ራሱ ሞጁሉ ነው። ታጥፎ የመጣ ሞጁል። እርግቦቹ ደግሞ የማን ናቸው?"

አንድ መልእክት ብቻ ምረጪ አላት። ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል። "ሕፃን ከማብላት በፊት መታጠብን ልተው? ምግብ ከመሥራት በፊት ያለውንስ? እንዴት አድርጌ ነው የምተወው?" እያለች ልጆቿን ምረጪ የተባለች መሰለች። በመጨረሻ ከሽንት ቤት በኋላ ያለውን ያዘች፤ ሌላውን ለሌላ ወረቀት አለች።

ሞጁሉ፣ የአካባቢያችሁ ቁጥር ካለ እሱን ተጠቀሙ ይላል። እኛ አለን፣ ቤት ለቤት መዝግበነዋል። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ውስጥ ሽንት ቤቱ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን የሰቀለው ዘጠና አራቱ ነው። ፀዳለ "ሠላሳ ነጥብ አንድ በመቶ" ብላ ጻፈች። መምህሩ በስልክ "በመቶው ለኔ ነው፣ ለነሱ የሚቆጠር ነገር አድርጊው። ከአሥር ሦስት በዪ። የሚያዩት ነገር ደግሞ የራሳቸውን ይምሰል" አላት።

እሷም የራሳቸውን አስመሰለች። ጀፎሮ ሣለች። ጀፎሮ ማለት በኛ አገር ቤቶች ፊትለፊት ተደርድረው የሚሠሩበት ሰፊው የሣር መንገድ ነው፤ ለቅሶውም ሠርጉም እዚያው ነው። በጀፎሮው ዳር አሥር ቤት ደረደረች፣ ከዚያ ቀለም አስመረጠች። ሀቢቡ "ጥሩው አረንጓዴ፣ መጥፎው ቀይ ነው። አዲስ አበባ የትራፊክ መብራቱ ራሱ እንደዛ ነው" አላት። ሦስቱ ቤት አረንጓዴ፣ ሰባቱ ቀይ ሆኑ። ከወረቀቱ ግርጌ የቁጥሩ ምንጭ ይጻፍ ስለሚባል "ምንጭ፦ የቀበሌው የቤተሰብ መዝገብ" ተባለ። አምሮ ነበር፣ እውነቴን ነው። እርግብ የለበትም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናገር። በዚያ ሰሞን ከወልቂጤ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ መንገድ ሊሰፋ ነው፣ የሚፈርሰው አጥር ላይ ቀይ ቀለም ሲቀቡ አይቻለሁ ብሎ አውርቶ ነበር። እኛ ጋ የተቀባም የመጣም ሰው የለም። ወሬው ግን ከኛ በፊት በየቤቱ ገብቷል። ፀዳለና እኔ ይሄን ረስተነው ነበር።

ከቅዳሜ በፊት ራሳችን እንሞክረው ብለን ረቡዕ ወጣን። የሙከራው ሕግ በሞጁሉ አለ፦ ወረቀቱን ታሳያለህ፣ ምን ታያለህ፣ ምን ይላል፣ ምን አድርግ ይላል ብለህ ትጠይቃለህ፣ መልሱን ትጽፋለህ። ማስረዳት ክልክል ነው። ካስረዳህ የሚፈተነው ወረቀቱ መሆኑ ይቀርና አንተ ትሆናለህ። ለፀዳለ ዝም ማለት ማለት እንግዲህ... ብዕሩን ጥርሷ ውስጥ ከትታ ነው የጀመረችው።

ጀፎሮው ላይ ካለው ትልቅ የዝግባ ዛፍ ሥር ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል። ሃሊማ ቀድማ ወረቀቱን ያዘች።

"ምን ታያለሽ?"

"ጀፎሮ።"

ፀዳለ ደስ ብሏት ጻፈች።

"የኛ ነው እንዴ? ቆይ፣ ዝግባው እዚህ ጋ ከሆነ... አንድ፣ ሁለት። ውይ! ሁለተኛው የኔ ነው! አረንጓዴ ነኝ!"

አቶ ሸምሶ ከወዲያ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። በሰፈሩ ትልቁ ሽማግሌ ነው፣ ቃሉ ይሰማል። "አምጪው እስኪ" አለና ጣቱን በወረቀቱ ላይ አስኬደ። ስድስተኛው ቤት ላይ ቆመ።

"ይሄ እኔ ነኝ።"

"ቀይ ኖት ጋሽ ሸምሶ" አለች ሃሊማ።

"ዓይን አለኝ። አንቺ ልጅ፣ ቀይ ምን ማለት ነው?"

ፀዳለ ብዕሩን ነከሰች።

"አንቺን እኮ ነው። ቤቴ ለምን ቀይ ሆነ?"

ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። አሳዘነችኝና እኔ ላግዛት ብዬ፣ "ጋሽ ሸምሶ፣ መናገር አልተፈቀደላትም" አልኩ።

ምነው ባላልኩ።

"ማነው ያልፈቀደላት?"

"ከወልቂጤ..."

"ከወልቂጤ!" አለ ለሕዝቡ ዞሮ። "ሰማችሁ? ከወልቂጤ ነው!"

ሃሊማ ወረቀቱን መልሳ ወስዳ ግርጌው ላይ ያለውን ጮክ ብላ አነበበች። "ምንጭ፣ የቀበሌው የቤተሰብ መዝገብ።"

"ተመዝግቦ አልቋል ማለት ነው" አለ አንዱ። ሌላዋ ሰባቱን ቀይ ቆጥራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሰባት ቤት ሊፈርስ!"

"የሃሊማስ ለምን ተረፈ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ወንድምሽ ማዘጋጃ ቤት ነው አይደል?"

"ዘበኛ እኮ ነው!"

"ይኸው አመነች!"

ፀዳለ እስከዚህ ድረስ "ምን ይላል?" ለሚለው ጥያቄ የተሰጠውን መልስ በታማኝነት እየጻፈች ነበር። ደብተሯን አይቼዋለሁ። "መልስ አንድ፦ ቤት ይፈርሳል። መልስ ሁለት፦ ቤት ይፈርሳል። መልስ ሦስት፦ የሃሊማ ወንድም" ይላል።

በነጋታው ጤና ኬላውን ልንከፍት ስንደርስ በሩ ላይ አሥራ ሁለት ሰው አለ። ታማሚ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሁሉም ግን በፌስታል የቤት ማስረጃ ይዟል። አቶ ሸምሶ ከፊት ነው።

"ግብር የከፈልኩበት ይኸው። አባቴ የተከሉት እንሰት እስካሁን አለ። ወላሂ፣ ቤቴን ቀይ ያደረገው ሰው ይምጣና ያናግረኝ።"

አሁን ፀዳለ መናገር ይፈቀድላታል። ተናገረችም። ሃያ ደቂቃ ተናገረች። የእጅ መታጠቢያ መሆኑን፣ ማንም ቤት እንደማያፈርስ፣ ቀዩ ጀሪካን ያልሰቀለ፣ አረንጓዴው የሰቀለ ማለት መሆኑን ነገረቻቸው። አቶ ሸምሶ ጨርሳ እስክትተነፍስ ጠበቀ።

"እሺ። እጅ መታጠቢያ ነው እንበል። ሃሊማ መቼ ጀሪካን ኖሯት ነው አረንጓዴ የሆነችው?"

ይሄኔ አሥራ ሁለቱም ተያይዘን ወደ ሃሊማ ጓሮ ሄድን። ሽንት ቤቱ አጠገብ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ጀሪካን የለም።

"ነበረኝ!" አለች ሃሊማ። "ውሃ ልቀዳ ወስጄው ቦኖው ላይ ተቀያየረብኝ። ደግሞ የደረሰኝ የሚያፈስ ነው። ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፤ ጀሪካንን ማን ይለየዋል?"

"አያችሁ? ውሸት ነው ወረቀቱ" አለ አቶ ሸምሶ።

"ጋሽ ሸምሶ፣ ሥዕሉ እኮ የማንም ቤት አይደለም። ዝም ብሎ አሥር ቤት ነው" አለች ፀዳለ ልታለቅስ እየደረሰች።

"የማንም ያልሆነ ቤት በጀፎሮ ላይ የለም።" ከዘራውን መሬት ላይ መታ። "ቅዳሜ አልመጣም። ሌላውም አይመጣም።"

እሱ ካልመጣ ማንም እንደማይመጣ እናውቃለን። ያን ቀን ፀዳለ ክትባት ስትሰጥ እንኳ ድምፅ አልነበራትም፤ ሕፃናቱ ናቸው የጮኹት። እኔም ሐሳብ ልስጥ ብዬ፣ "ቤቶቹ የሌላ ከተማ፣ የእምድብር ናቸው ብንልስ?" አልኳት።

"እምድብር ሁሉም ዘመድ አለው። ይብሳል።"

"እሺ አሥር እጅ እንሣል። እጅ አይፈርስም።"

ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። "እኛ የመዘገብነው ጀሪካን ነው። እጁን የታጠበውን ማን ቆሞ አይቶ ቆጠረው? ያልቆጠርነውን ቁጥር ነው ብዬ አልለጥፍም።"

ከዚያ መርፌውን አስቀምጣ ዞር አለች። "ሃሊማ ምን ነበር ያለችው? ጀሪካንን ማን ይለየዋል አላለችም?"

አሥር ጀሪካን! እውነትም ማን ይለየዋል። ቦኖው ላይ ሴቶቹ እጀታው ላይ ክር የሚያስሩት እኮ ስለማይለይ ነው።

ከሰዓት ወልቂጤ በረረች። ሀቢቡ "ያልተሰቀሉትን ሰባቱን ቀይ ላድርግ?" ሲላት ደንበኞቹ እስኪዞሩ ድረስ ነው "ቀይ አትጥራብኝ!" ያለችው። እሱ ግን ያን ቀን ጥሩ ነገር አሰበ። ሰዎች ፎርም ለማስሞላት እሱ ጋ ስለሚመጡ ነጠብጣብ ሲያዩ "እዚህ ይሞላል" ማለት መሆኑን ፊደል ያልቆጠረውም ያውቃል። ስለዚህ ሦስቱ ጀሪካን ሙሉ ቢጫ፣ ሰባቱ ደግሞ በነጠብጣብ መስመር ብቻ ሆኑ። ከበታች ከሽንት ቤት በር የወጣ ሰው ከተሰቀለ ጀሪካን ሥር በሳሙና ሲታጠብ አለ። ጽሑፉ "ከአሥር ሽንት ቤት ሦስቱ አጠገብ ብቻ ጀሪካን ተሰቅሏል። ሰቅለን በሳሙና ወይም በአመድ እንታጠብ" ይላል። ምንጩም "የጤና ኬላው የቤት ለቤት ምዝገባ" ተባለ። ፀዳለ ስለ ዝንብ አንድ መስመር ብቻ ልጨምር ብላ ነበር። ሀቢቡ ማተሚያውን ቶሎ ጫነው።

ዓርብ አቶ ሸምሶ በር ላይ ቆመች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ነበርኩ።

"ቤቱን አጥፍቼዋለሁ ጋሽ ሸምሶ።"

"የኔን?"

"የሁሉንም። ቤት የለበትም።"

"መንገዱስ?"

"መንገድም የለም።"

"ቀዩ?"

"ቀይም የለም።"

"ታዲያ ምን ቀረ? ባዶ ወረቀት ነው?"

"ቢመጡ ያዩታል። ካልመጡ ግን ሰው አይመጣም፣ ሰው ካልመጣ እወድቃለሁ። ከወደቅኩ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።"

ይቺን ብቻ አለች። እኔ በሕይወቷ እንዲህ አጭር ስትናገር አይቻት አላውቅም። እሱም በሩን ዘጋ። ቂም ይሁን እሺ ይሁን አላወቅንም።

ቅዳሜ ጠዋት መምህር ይታገሱ ከሚኒባስ ወርዶ በባጃጅ መጣ። ሰውም ቀስ እያለ መጣ፤ ምን እንደሚፈርስ ለማየት የመጣም አለ። ዘጠኝ ሆኑ። አሥረኛው ሳይመጣ ጀመርን። መምህሩ አንዱ የሌላውን መልስ እንዳይሰማ አንድ አንድ እያደረገ ጤና ኬላው ውስጥ ነው የጠየቀው። ፀዳለ ጥጉ ላይ ቆማለች፣ እኔ በሩ ላይ።

መጀመሪያ የገቡት አምስቱ ጥርት አድርገው መለሱ። ስድስተኛዋ ሃሊማ "ይሄ ሥዕል ከኔ አፍ ነው የወጣው" ከማለቷ በስተቀር መልሷ ልክ ነበር። ሰባተኛዋ ሴትዮ ግን ወረቀቱን አይታ ፈገግ አለች። "እግዜር ይስጣችሁ። ጀሪካን ልታድሉን ነው። ሦስቱ ደርሷል፣ ሰባቱ ገና ነው።" መምህሩ ኤክስ አደረገ። ስምንተኛው ልክ መለሰ። ዘጠነኛውም ጀሪካኑ የሚታደለው መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ሌላ ኤክስ።

ሰባት ልክ፣ ሁለት ስህተት። ፀዳለ ግድግዳውን ተደገፈች። አንድ ሰው ይቀራል፣ ያም አንድ ሰው የለም። መምህሩ ሰዓቱን አየ። "አሥር ሰው ነበር የተባለው ፀዳለ።"

የከዘራ ድምፅ የሰማነው ያኔ ነው። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ አቶ ሸምሶ ገባ። የቤቱ ማስረጃ ያለበት ፌስታል ብብቱ ሥር ነው። ለማንኛውም ብሎ ይዞት መጥቷል።

ወረቀቱን ተቀበለ። መጀመሪያ ጀርባውን አየ፣ ባዶ ነው። ከዚያ ግርጌውን ፈለገና ምንጩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

"ምዝገባ ይላል። ይሄ ምንድነው?"

"እርስዎ ምን ይመስልዎታል?" አለ መምህሩ።

አቶ ሸምሶ ፀዳለን አያት። ፀዳለ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። መልሶ ወረቀቱን አየ።

"ጀሪካን ነው" አለ። "ሦስቱ አለ። ሰባቱ የሌለ ጀሪካን ነው።"

"ምን ይላል?"

"ብዙ ሰው ሽንት ቤቱ ጋ አልሰቀለም ይላል።"

"ምን አድርጉ ይላል?"

የተመልካቹ ጆሮ ሁሉ በመስኮቱ ገብቷል።

"ስቀል ይላል። ከሽንት ቤት ስትወጣ በሳሙና ታጠብ ይላል። ሳሙና ካጣህ አመድ ይላል።"

መምህሩ ራይት አደረገ፤ ስምንት ሞላ። ፀዳለ እዚያው ጥጉ ላይ ቁጢጥ አለች።

"ጎበዝ አባት ኖት። እርስዎስ ሰቅለዋል?"

አቶ ሸምሶ ቀና አለ። "ይሄ ፈተና የሷ ነው የኔ?"

ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ መምህሩም ሳቀ። አቶ ሸምሶ ግን አልሳቀም። "ብዕር ስጠኝ" አለ። ከነጠብጣቦቹ አንዱን መረጠና ዙሪያውን በመስመር ገጠመው፣ ውስጡንም አጠቆረው። "ይሄ የኔ ነው። ዛሬ እሰቅላለሁ። በሌላ ቀለም እንዳትነኩት።"

"አባቴ፣ ያ ወረቀት ለፋይል ነበር እኮ" አለ መምህር ይታገሱ።

ሌላ ኮፒ አልያዝንም። ስለዚህ ፀዳለ ያለፈችበት፣ ኮሌጁ ያስቀመጠው ወረቀት ላይ እስከ ዛሬ ያሉት ጀሪካኖች አራት ናቸው። ጽሑፉ ግን ሦስት ነው ይላል።